ሁለተኛው ግማሽ

መልዕክቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ቃላቱ ቢቆጠሩ ከመቶ ጥቂት ቢበልጡ ነው። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ወጣት ናት። እዚያው አካባቢ ያለ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና መሣሪያ የሚያጥብና የሚያመክን ሠራተኛ ፈልጎ ነበር፤ በሙያው ስም ስቴራይል ፕሮሰሲንግ ቴክኒሽያን ይባላል። ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተደረገ፣ መልዕክቱ ረቡዕ ጠዋት ተላከ። እንዳነበው ያሳየችኝ እሷ ናት፤ እንድጽፍበትም ፈቅዳልኛለች። የእሷንም የሆስፒታሉንም ስም ትቼ ሥራዋን ብቻ ላሳይ።

በአማርኛ ሲገለበጥ እንዲህ ይላል፦

«ትናንት ስላነጋገሩኝና ቆሻሻውን ወገን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ሥራው ከየት እንደሚጀምር አሁን አወቅሁ።

አንድ ትሪ እርጥብ ሆኖ ቢወጣ ምን እንደማደርግ ጠይቀውኝ ነበር። እመልሰዋለሁ አልኩ። ሁለተኛውንም ግማሽ መናገር ነበረብኝ፦ በዚያ ዙር አብረውት የገቡትን ትሪዎችም አያለሁ፣ የማሽኑንና የዙሩን ቁጥር እመዘግባለሁ፤ ምክንያቱም አንድ እርጥብ ትሪ ብቻውን ላይሆን ይችላል።

የማታው ፈረቃ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚደርሰው ቅዳሜና እሁድም ይመቸኛል። 400 ሰዓቴን በስድስት ወር ውስጥ መጨረስ አለብኝ፤ እርስዎ ክፍል ውስጥ ብሠራው ደስ ይለኛል። ማጠቢያ ማሽኖቹን ላሳዩኝ ሰው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።»

ከላይ የተጻፈላት የክፍሉ ኃላፊ ስም፣ ከታች የጸሐፊዋ ስምና ስልክ ቁጥር አለ። ሌላ የለውም።

አሜሪካ ውስጥ ከቃለ መጠይቅ በኋላ እንዲህ ያለ አጭር ምስጋና መላክ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ይጠበቃል። ከእኛ አገር ለመጣ ሰው ግን ልማዱ ቶሎ አይዋጥም። ተጠይቆ የወጣ ሰው ውሳኔው እስኪነገረው ዝም ብሎ መጠበቁ እንደ ጨዋነት የሚታይበት አገር ነው ያደግነው። ጠያቂውን መልሶ መጻፍ ደጅ መጥናት ይመስላል፤ ያውም በፈረንጅ አፍ። ስለዚህ ብዙዎች ጭራሽ አይጽፉም። የሚጽፉት ደግሞ ከአንድ ቦታ የወሰዱትን ናሙና ስም ቀይረው ይልካሉ፤ «ስለ ሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ፣ ስለ ሥራው ይበልጥ ማወቄ አስደስቶኛል፣ ችሎታዬ ለድርጅትዎ እንደሚጠቅም አምናለሁ» የሚለውን። ይህ ስህተት የለበትም፤ ለባንክም፣ ለትምህርት ቤትም፣ ለመጋዘንም ይሆናል። ችግሩም ይኸው ነው፤ የትኛው ክፍል ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ አይታይበትም።

የዚች ወጣት መልዕክት ወደ ሌላ ሰው ቢላክ ትርጉም አይሰጥም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ያለውን «ቆሻሻውን ወገን» ተመልከቱ። እንግሊዝኛው «ዘ ደርቲ ሳይድ» ነው የሚለው። የማምከኛ ክፍል በሁለት ይከፈላል፤ ከቀዶ ጥገና ክፍል ደምና ሥጋ የያዙ መሣሪያዎች የሚገቡበትና የሚታጠቡበት አንዱ፣ ታጥበው የወጡት የሚመረመሩበት፣ የሚደረደሩበትና የሚጠቀለሉበት ሌላው። መማሪያ መጽሐፍ ላይ የመጀመሪያው ክፍል ረጅም ስም አለው። ሠራተኞቹ ግን ቆሻሻው ወገን፣ ንጹሑ ወገን ይላሉ። ኃላፊዋም ስታስጎበኛት ያለችው እንደዚያ ነው፤ ልጅቷም ከመጽሐፉ ረጅሙን ስም እያወቀች ከሴትዮዋ አፍ የሰማችውን መረጠች። በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ትልቁን ቃል የሚያነሣው ማወቁን ለማሳየት ነው። እዚህ ግን ትንሹ ቃል የበለጠ አሳየ፤ ቆማ እንደሰማች፣ ያየችውንም እንዳልተጸየፈች። የመሣሪያ አጠባ ሥራ የሚጀምር ሰው ከዚያ ክፍል ሊሸሽ ይችላልና፣ «ሥራው ከየት እንደሚጀምር አሁን አወቅሁ» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ኃላፊዋ በልቧ ይዛው ሊሆን ለሚችለው ሥጋት መልስ ነው። ደስ አለኝ፣ ተደነቅሁ፣ ጓጓሁ አላለችም። አወቅሁ ብላ አለፈች።

የመልዕክቱ ዋና ሥራ ያለው ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ለመረዳት ጥያቄውን ማወቅ ያስፈልጋል።

መሣሪያው ከታጠበና ከተመረመረ በኋላ በዝርዝሩ መሠረት ትሪ ላይ ይደረደራል፣ በልዩ መጠቅለያ ይጠቀለላል ወይም ክዳን ባለው ሣጥን ይታሸጋል፣ ከዚያ ወደ እንፋሎት ማምከኛው ይገባል። በተለመደው አሠራር አየሩ ተስቦ ይወጣና እንፋሎቱ በ132 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአራት ደቂቃ ይቆያል። ቀጥሎ የማድረቂያው ጊዜ ይመጣል፤ እሱ ከማምከኑ ይረዝማል። ትሪው ሲወጣ መጠቅለያው ላይ ወይም ውስጡ ጠብታ ከተገኘ እንዳልመከነ ይቆጠራል። አዲስ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል፤ ሙቀቱ አግኝቶት የለም ወይ? አግኝቶታል። ነገር ግን መጠቅለያው ጀርም የሚከለክለው ደረቅ ሲሆን ነው። ሲረጥብ ውሃው ከውጭ ያለውን ጀርም፣ ከእጅም ይሁን ከመደርደሪያ፣ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ትሪው ይፈታል፣ ተመልሶም ከአዲስ ተዘጋጅቶ ዳግም ይመከናል። በጨርቅ ጠርጌ ወይም ትንሽ አናፍሼ እሰጠዋለሁ ያለ ሰው እዚያው ወድቋል፤ ማግስቱን የቱንም ያህል ያማረ ምስጋና ቢጽፍ አይነሣም።

እሷ «እመልሰዋለሁ» ብላ ነበር። መልሱ ትክክል ነው፣ የሚያሳልፍም ነው። ግን የሚያየው እጅ ላይ ያለውን ትሪ ብቻ ነው። ትሪ የሚረጥበው በምክንያት ነው። ክብደቱ በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያውና ሣጥኑ በአንድነት ከ25 ፓውንድ፣ ማለትም ከአሥራ አንድ ኪሎ ጥቂት ከሚበልጥ፣ እንዳያልፍ የሚመከረው አንድም ለተሸካሚው ወገብ አንድም ለዚህ ነው፤ ብዙ ብረት ብዙ ውሃ ያጠራቅማል። በሩ ቶሎ ተከፍቶ ወይም ትሪው ሳይበርድ ቀዝቃዛ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ወይም ከማሞቂያው የመጣው እንፋሎት ራሱ ውሃ የበዛበት ይሆናል። የመጀመሪያው ምክንያት አንድን ትሪ ብቻ ይነካል። የመጨረሻው ግን በዚያ ዙር የገቡትን ሁሉ፣ ምናልባትም በዚያ ማሽን ከዚያ በፊት ያለፉትንም ይነካል። ትሪው ላይ የሚለጠፈው ምልክት የማሽኑን ቁጥር፣ የዙሩን ቁጥርና ቀኑን የሚይዘው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ አንዱ ከተጠረጠረ ሌሎቹ ቀዶ ጥገና ክፍል ሳይደርሱ በቁጥራቸው ተፈልገው እንዲያዙ። ሙሉው መልስ እንግዲህ ትሪውን መመለስ፣ አብረውት የገቡትን ማየትና መመዝገብ ነው።

ይህ ወደ ቤት ስትመለስ አውቶቡስ ላይ ትዝ አላት። እንዲህ ያለው ነገር ከቃለ መጠይቅ በወጣ ሰው ሁሉ ላይ ይደርሳል። ቁም ነገሩ ትዝ ያለውን ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ዝም ማለት ይቻላል፤ መልሱ አልተሳሳተምና። ይቅርታ መጠየቅም ይቻላል፤ ጨንቆኝ ነበር፣ እንግሊዝኛውም ጠፋብኝ ማለት። እሷ ሁለቱንም አላደረገችም። «አይ ሹድ ሃቭ ሴድ» ብላ ጀመረች፤ መናገር ነበረብኝ። በዚህ አነጋገር ጉድለቱ ይታመናል፣ ግን ማንም እንዲራራላት አይለመንም፤ ወዲያው የጎደለው ይሞላል። ከይቅርታ የሚለየው ይህ ነው። ይቅርታ የጠየቀ ሰው አንባቢው «ግድ የለም» እንዲለው ይጠብቃል፣ አንባቢው ላይ ሥራ ይጨምራል። ይህኛው አንባቢው የሚፈልገውን ይሰጣል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ግሥ ከባድ ነው። እኛ «ነበር» ብለን ብዙውን ነገር እንጨርሳለን፤ እንግሊዝኛው ያለፈውንና ያልሆነውን በተለያየ ቅርጽ ይይዛቸዋል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሦስት ዓይነት ጊዜ በተርታ አለ፦ የተጠየቀችው፣ ያለችው፣ ማለት ኖሮባት ያላለችው። አንዱ ቢዛባ ትሪው በእርግጥ እርጥብ ሆኖ የወጣ፣ እሷም መልሳው የነበረች ይመስላል፤ ምናባዊው ጥያቄ የሥራ ታሪክ ይሆናል። ሦስቱም በቦታቸው ናቸው። ይህን ለማስተካከል ረጅም ጊዜ እንደወሰደባት ነግራኛለች፤ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ቆራርጣ «እመልሰዋለሁ አልኩ» የሚለውን ለብቻው ያቆመችው ያን ጊዜ ነው። በእኛ አጻጻፍ «ጠይቀውኝ፣ እመልሰዋለሁ ብዬ፣ በኋላ ሳስበው ግን» እየተባለ ግሡ መጨረሻ እስኪደርስ ይቀጣጠላል፤ አማርኛው ይሸከመዋል፣ ውበትም አለው። በእንግሊዝኛ ግን ያ ሰንሰለት «ኤንድ» በ«ኤንድ» ሆኖ ይወጣል። መቁረጧ ልክ ነበር፤ አጭሩ ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን መልስ ትንሽነት ሳትሰድበው አሳየው።

አሁን በጣም የምወደው ጋ ደረስኩ። «ቢኮዝ ዋን ዌት ትሬይ ሜይ ኖት ቢ አሎን።» አንድ እርጥብ ትሪ ብቻውን ላይሆን ይችላል። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ይህን አይጽፍም። ሰፋ ያለ ችግር ሊያመለክት ስለሚችል፣ ወይም የአሠራር ጉድለት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ይላል። ሁለቱም ይገባሉ፣ ሁለቱም ከአንባቢው ዐይን ፊት ምንም አያስቀምጡም። የእሷ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን መደርደሪያው ይታያል፤ አንዱ እርጥብ፣ ከጎኑ ገና ያልተነኩ ሌሎች። ትሪው ብቻውን አለመሆኑ እንደ ሰው ይነገራል፤ ይህ ከአማርኛ ይዛው የመጣችው ይመስለኛል፤ ችግር ብቻውን አይመጣም የምንል ሰዎች ነን። ሰዋስዉ እንከን የለበትም፣ ቃላቱ ሕፃን የሚያውቃቸው ናቸው። በሌላ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የተጠናቀቀው ሐረግ ስለማይመጣለት ነገሩን ራሱን ለማየት ይገደዳል፤ አንዳንዴ ከዚያ እንዲህ ያለ ነገር ይወለዳል። አንዳንዴ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ግራ መጋባት ነው። እዚህ ግን ምክንያቱ በትክክል ተነግሯል፤ ማለት የፈለገችውና የጻፈችው አንድ ናቸው።

የመጀመሪያውን ረቂቅም አሳይታኛለች። «የተከበሩ እመቤት» ብሎ ይጀምርና «ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ወርቃማ ዕድል ስለሰጡኝ ጥልቅ ምስጋናዬን ላቀርብ እወዳለሁ» ይላል። መጨረሻው «ስለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ነበር። አገር ቤት ማመልከቻ የጻፈ ሁሉ ይህን አጥር ያውቀዋል። እዚያ ሥራ አለው፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ማህተም ተመትቶበት፣ ከማይታወቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ ክብሩ ያን ሁሉ እጅ አልፎ ነው የሚጓዘው። እዚህ ግን አንባቢዋ ትናንት የፕላስቲክ መጎናጸፊያና የፊት መከላከያ አልብሳት አብራት የቆመች ሴት ናት። በስሟ ተጠርታለች።

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ ስሰርዘው ባለጌ የሆንኩ አልመሰለህም?» አለችኝ።

«አልመሰለኝም። ክብሩን የት አደረግሽው?»

«ስሙ ላይ። ሰውየውም ላይ።»

ሰውየው ማጠቢያ ማሽኖቹን ያሳዩዋት ሠራተኛ ናቸው። ቃለ መጠይቁ ላይ አልተቀመጡም፤ ኃላፊዋ ስልክ ስትመልስ ለጥቂት ደቂቃ ተረክበዋት ነው። ኢሜይላቸውን አልያዘችም፣ ይህ ሰበብ ሆኖ ሊረሱ ይችሉ ነበር። በመልዕክቱ መጨረሻ ያለችው አንዲት መስመር ኃላፊዋን ወደ ሰውየው እንድትሄድ ታደርጋለች፤ ያች ልጅ አመስግናዎታለች ትላቸዋለች፣ እሳቸውም ስለ ልጅቷ የታያቸውን ይናገራሉ። እንዲህ አስልታ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አላሰላችም። ያስተማረን ሰው ሳናመሰግን አንወጣም ተብላ ነው ያደገችው። ከረቂቁ ክብር የተረፈው ይህ ነው፣ ቦታውንም አግኝቷል።

አንድ ስህተት ቀርቷል። «አብረውት የገቡትን ትሪዎችም አያለሁ» በሚለው ላይ «ኦልሶ» የሚለውን ቃል ከግሡ በኋላ አስቀምጣዋለች፤ እንግሊዝኛው ከግሡ በፊት ነው የሚፈልገው። የእኛ «ም» ከስሙ ጋር ስለምትጣበቅ እጇ ወደዚያ ሄደ። አስቀድሞ ቢታየኝ እንድታስተካክለው እነግራት ነበር፤ አንድ ቃል ማዛወር ነው። ስላልታረመ ግን የጎዳው ነገር የለም። ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንባቢውን ወደ ኋላ መልሶ የሚያስነብብ አለ፣ ዘዬ ብቻ የሆነም አለ። ይህኛው ዘዬ ነው፤ ኃላፊዋ ያንኑ ዘዬ ትናንት ፊት ለፊት ሰምታዋለች። እንዲያውም መልዕክቱ ሙሉ በሙሉ ተወልውሎ የተናገረችውን ልጅ ባይመስል ይበልጥ የሚያጠራጥር ይመስለኛል።

የቀረው 400 ሰዓት ነው። በዚህ ሙያ ሲአርሲኤስቲ የሚባለውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት ፈተና ማለፍና 400 ሰዓት በእጅ መሥራት ያስፈልጋል። ሰዓቱን ሳይጨርስ ፈተናውን ያለፈ ሰው ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፣ ካለፈበት ቀን ጀምሮም ስድስት ወር አለው። በስድስት ወር ካልሞላው ያለፈው ፈተና ከእጁ ይወጣል። እሷ ፈተናውን ካለፈች ስድስት ሳምንት ሆኗት ነበር፤ ቀሪዋ ሃያ ሳምንት ገደማ ነው። የተወዳደረችበት ሥራ በሳምንት 24 ሰዓት ነው። አራት መቶን ለሃያ አራት ብታካፍሉት ከአሥራ ስድስት ሳምንት ተኩል በላይ ይወጣል። የጀርባ ማጣራቱ፣ የጤና ምርመራው፣ የአዲስ ሠራተኛ ትምህርቱ ሁሉ በቀሪዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ማለቅ አለባቸው፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማው ትምህርት በእጅ ከተሠራ ሰዓት አይቆጠርም።

እንግዲህ ልጅቷ በእርግጥ ቸኩላ ነበር። ረቂቁ ላይ «አስቸኳይ ሁኔታዬን ከግምት ውስጥ እንዲያስገቡልኝ» የሚል ነበረ፤ አውጥታዋለች። በምትኩ ቁጥሩንና የጊዜውን ልክ ጻፈች፣ ከጎኑም የሚመቻትን ፈረቃ አኖረች። ሁለቱ በአንድ አንቀጽ መግባታቸው ብልህነት ነው። ሰዓቱን የሚፈርመው የክፍሉ ኃላፊ ወይም ተቆጣጣሪ ነው፤ ያ ለኃላፊዋ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ የማታ ፈረቃና ቅዳሜ እሁድ ደግሞ ለመሙላት የሚያስቸግሩ ቦታዎች ናቸው። የምትፈልገውንና የምትሰጠውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠች፣ «ስለዚህ» የሚል ቃል ግን በመካከላቸው አላስገባችም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጎድላል ብዬ አስባለሁ፤ ፈተናውን ያለፈችበትን ቀን ብትጽፍ ስድስቱ ወር ከመቼ እንደሚቆጠር ይታወቅ ነበር። አንባቢዋ ያለ ቀኑ ማስላት አትችልም።

መልሱ የመጣው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት መስመር ነበር። የመጀመሪያው ስለ ትሪው ነው፦ «አዎ፣ ብቻውን አይሆንም»። ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ «ፈተናውን ያለፍሽው በየትኛው ቀን ነው?»